ለበላይ ኃላፊ «ቀን ይራዘምልኝ» ብሎ ኢሜይል መጻፍ

ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ለድርጅቱ የፋይናንስ ዳይሬክተር «በተባለው ቀን ሙሉውን አላደርስም» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ፊት ለፊት ቢሆን አንገቴን ደፋ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ፊታቸውን እያየሁ እናገር ነበር። ፊታቸው ከተቋጠረ ቶሎ እመለሳለሁ፣ ከፈታ ምክንያቴን እዘረዝራለሁ። ኢሜይል ላይ ይሄ ሁሉ የለም። የጻፍሽው ቃል ብቻውን ሄዶ ይቆማል። አሁን ደግሞ ወንበሩ ተቀይሮ እንዲህ ያለ ኢሜይል ለኔም ይጻፍልኛል። ስለዚህ ከሁለቱም በኩል ያየሁትን ልንገራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ድርጅታችን የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ ያስመጣል። ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የቧንቧ ዕቃ። መጋዘኖቹ ቃሊቲ፣ አዳማ፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ ናቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ሁሉም በአንድ ቀን ይቆጠራሉ። በ2016 ሰኔ 30 እሑድ ስለዋለ ቆጠራው ተመችቶ ነበር፤ የሚወጣም የሚገባም ዕቃ አልነበረም። የኔ ሥራ የቆጠራ ቅጾቹን ከቢን ካርድና ከስቶክ መዝገቡ ጋር አመሳክሬ ጉድለትና ትርፉን በሪፖርት ማቅረብ ነው። ቀነ ገደቡ ዓርብ ሐምሌ 19፣ ከቀኑ 10 ሰዓት።

ሦስቱ መጋዘኖች ገጠሙልኝ። ድሬዳዋ እምቢ አለ። በመዝገቡ ላይ ያለ 180 ጋሎን ቀለም በቆጠራው የለም። ስፈልግ ስፈልግ ሰኔ 28 ከቃሊቲ ወደ ድሬዳዋ የተጫነበት የወጪ ደረሰኝ አገኘሁ። ገባኝ። መኪናው በቆጠራው ቀን መንገድ ላይ ከነበረ ዕቃው ቃሊቲም አይቆጠርም፣ ድሬዳዋም አይቆጠርም። ግን ይሄ ግምት ነው። ማረጋገጫው ዕቃው መቼና ስንት ሆኖ እንደደረሰ የሚያሳየው የድሬዳዋ የገቢ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ደግሞ ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ነው። ሐምሌ 19 ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቁልቢ ገብርኤል። በዚያ ሳምንት ድሬዳዋ ላይ ሰው ለማግኘት የሞከረ ይፍረደኝ። ሰውየው እስከ ሰኞ ሐምሌ 22 ፈቃድ ወጥተዋል።

ይሄን ያወቅኩት ማክሰኞ ነው። ዳይሬክተሩ ያን ሳምንት ለጉምሩክ ጉዳይ ጅቡቲ ነበሩ። ስልካቸው አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም። ኢሜይል የሚያዩት ማታ ሆቴላቸው ሲገቡ፣ በስልካቸው ነው። ስለዚህ መጻፍ የግድ ሆነ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር።

«በቅድሚያ ለክቡርነትዎ ያለኝን ከፍተኛ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እኔ አመልካች ከአቅም በላይ በሆነ ችግር ምክንያት በተሰጠኝ የጊዜ ገደብ ሥራዬን አጠናቅቄ ማቅረብ ያልቻልኩ ስለሆነ፣ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ የተለመደው ትብብርዎ እንዳይለየኝ በታላቅ ትህትና አመለክታለሁ።»

አጠገቤ የሚቀመጡት አንጋፋ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና «ልጄ፣ የቀበሌ ቤት እንዲሰጡሽ ነው የምታመለክቺው?» አሉኝ።

ሳቅኩ፣ ግን ነገሩ እውነት ነው። አብዛኞቻችን ለባለሥልጣን ስንጽፍ እጃችን የሚያውቀው የማመልከቻ ቋንቋ ነው። ያ ቋንቋ ለሌላ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ አመልካችና ውሳኔ ሰጪ ለማይተዋወቁበት፣ መዝገብ ቤት ለሚቀመጥ ወረቀት። ዳይሬክተሩ ግን ያውቁኛል፣ ሥራውንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ሲጻፍላቸው አክብሮቱ ሳይሆን ድንጋጤው ነው የሚታያቸው። «ከአቅም በላይ የሆነ ችግር» ሲባሉ ሰውየው ጅቡቲ ሆነው ምን ያስቡ? መጋዘን ተቃጠለ? ሰው ሞተ? ያን ሁሉ ቃል አንብበው የትኛው ሥራ፣ ስንት ቀን እንደዘገየ እንኳ አያውቁም።

ሁለተኛውን ረቂቅ የጻፈልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ልጁ ከዳይሬክተሩ ጋር ዓመታት ሠርቷል፤ አንተ ይላቸዋል፣ ይቀልዳሉ። «አታካብጂ» አለና ቁጭ ብሎ ጻፈው።

«ሰላም፣ እንዴት ሰነበቱ? ድሬዳዋዎች ሰነድ ስላልላኩልኝ ሪፖርቱ ለዓርብ አይደርስም። ግብሩም እስከ ጥቅምት 30 ስለሆነ ጊዜ አለን። ትንሽ ቀን ይጨመርልኝ። ሲመችህ መልስልኝ።»

አጭር ነው፣ ግልጽ ይመስላል። ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለው አሁንም በየሳምንቱ ይደርሰኛል።

አንደኛ፣ «ሰነበቱ» ብሎ ጀምሮ «ሲመችህ» ብሎ ጨረሰ። አማርኛ እንደዚህ ነው፤ አክብሮቱ ከሰላምታው ይልቅ በየግሡ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዱ ካመለጠ ያ አንዱ ብቻ ነው የሚታየው። ለልጁ አንተ ማለት ይፈቀድለታል፤ በዓመታት ያገኘው ነው። እኔ ብዋሰው ድፍረት ነው። ኢሜይሉን ከመላካችሁ በፊት ግሦቹን ብቻ እየለቀማችሁ አንብቡ። ይላኩልኝ፣ ይንገሩኝ፣ ያውቁታል፤ ሁሉም በእርስዎ መሆናቸውን እዩ። ከሌላ ኢሜይል ገልብጣችሁ የለጠፋችሁት ዓረፍተ ነገር ካለ ደግሞ እሱን ሁለቴ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ «ድሬዳዋዎች ስላልላኩልኝ» ክስ ነው። ዳይሬክተሩ ይሄን ካነበቡ ቀጣዩ ሥራቸው ድሬዳዋ ደውለው መቆጣት ይሆናል። እኔ ቀን ልጠይቅ ገብቼ በበዓል ፈቃድ የወጣን ሰው አስቆጥቼ እወጣለሁ። ሰኞ ደረሰኝ የምለምነው ደግሞ ያንኑ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ የጥቅምት 30ው ነገር። ሕጉ ትክክል ነው፤ እንደኛ ያለ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ አራት ወር አለው። ግን አለቃ የሰጠውን ቀን «ለምን ቸኮሉ?» ብሎ መመለስ ነው። ዳይሬክተሩ ጥቅምት 30ን ከኔ በፊት ያውቁታል። ሐምሌ 19ን የመረጡት ሌላ ነገር አስበው ነው።

ጋሼ ያን ጊዜ የጠየቁኝን ጥያቄ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። «ይሄን አንብበው ሲጨርሱ እሳቸው ምን ያድርጉ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያው እንዲያዝኑልኝ ይጠይቃል። ሁለተኛው እንዲተዉኝ ይጠይቃል። የሚወስኑት ነገር ግን በሁለቱም ውስጥ የለም።

«ዓርብን ለምን እንደፈለጉት ታውቂያለሽ?» አሉኝ ቀጥለው። አላውቅም። «እንግዲያው ሂጂና አለቃሽን ጠይቂ።»

የቅርብ አለቃዬ ጋ ገባሁ። ይሄን ደረጃ ዝለል የሚላችሁ ካለ አትስሙት። የቅርብ አለቃ ሳታውቅ ወደ ላይ የሄደ ኢሜይል የቱንም ያህል ትሁት ቢሆን፣ ለእሷ የሚደርሳት ጀርባዋን የተረገጠች ያህል ሆኖ ነው። እሷም «ኦዲተሮቹ ሰኞ ሐምሌ 29 ይገባሉ። ከዚያ በፊት ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን በደንብ ማየት ይፈልጋሉ» አለችኝ። በቃ፣ ነገሩ ተፈታ። ደረሰኙ ሰኞ 22 ይመጣል፣ ማክሰኞ አመሳክራለሁ፣ ረቡዕ ጠዋት አስረክባለሁ። ለእሳቸው ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ይቀራቸዋል። ሦስቱ መጋዘኖች ደግሞ ያለቁ ናቸው፤ እነሱን የሚያስቆየኝ የለም።

ይሄን ይዤ ስመለስ ቃላቱ እንደ በፊቱ አላስጨነቁኝም። ከጋሼ ጋር ሆነን የጻፍነው ይሄ ነው፤ ስሞቹን ቀይሬያለሁ።

«ጉዳዩ፦ የቆጠራ ሪፖርት፤ ለድሬዳዋ ብቻ እስከ ረቡዕ ሐምሌ 24 ጊዜ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣

የቃሊቲ፣ የአዳማና የሐዋሳ ሪፖርት በተባለው ቀን፣ ዓርብ ሐምሌ 19 ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይደርስዎታል። የድሬዳዋውን ግን እስከ ረቡዕ ሐምሌ 24 ከጠዋቱ 4 ሰዓት እንዲያራዝሙልኝ እጠይቃለሁ።

ድሬዳዋ ላይ የ180 ጋሎን ቀለም ልዩነት አለ። ዕቃው ሰኔ 28 ከቃሊቲ ወጥቷል፤ በቆጠራው ቀን መንገድ ላይ እንደነበር እገምታለሁ። ማረጋገጥ የምችለው የድሬዳዋን የገቢ ደረሰኝ ሳይ ነው። የመጋዘን ኃላፊው ሰኞ ሐምሌ 22 ከፈቃድ ሲመለሱ በዚያው ቀን እንደሚልኩልኝ ነግረውኛል።

የድሬዳዋውም የግድ ዓርብ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ልዩነቱን «ያልተጣራ» ብዬ ከማስታወሻ ጋር ማቅረብ እችላለሁ። የትኛው እንደሚሻል ቢነግሩኝ።

ስለ ጉዳዩ ከወ/ሮ እገሊት ጋር ተነጋግረናል፤ ግልባጭ አድርጌላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ጥቂት ነገሮችን ላንሳ። ጥያቄው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ዋናውን ነገር ከማንሳት በፊት ዙሪያውን መዞር ጨዋነት ነው። በቃል ሲሆን እኔም እወደዋለሁ። በኢሜይል ግን አንድ «ጤና ይስጥልኝ» ይበቃል። ሰውየው በስልክ ሲከፍቱት የሚታያቸው ላይኛው ብቻ ነው። «ቤተሰብ ደህና ነው? ሥራስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጥያቄው ከስክሪኑ በታች ቀረ ማለት ነው።

ደግሞ «እንዲያራዝሙልኝ እጠይቃለሁ» ነው ያልኩት። «ቢራዘምልኝ» የሚለው ይለሰልሳል፣ ብዙ ሰው ይወደዋል። ግን ማን እንደሚያራዝመው ይደበቃል። ከዚያ «ትንሽ ቀን» ሲጨመርበት፣ «ካላስቸገርኩ»፣ «ምናልባት የሚቻል ከሆነ» ሲከተልበት ጥያቄው ይቀልጣል። ማለስለሻ አንድ ይበቃል። እኔ «ቢነግሩኝ»ን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት፤ ውሳኔው የእሳቸው መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው።

«ይቅርታ» በረቂቁ ውስጥ ሦስት ቦታ ነበር። ጋሼ ሦስቱንም አወጡት። «ማን ምን አጠፋ?» አሉ። የዘገየው በእናንተ ምክንያት ከሆነ ግን አንዴ በሉት፣ በቀጥታ፤ «የአዳማውን ዘግይቼ ስለጀመርኩ ነው፣ ይቅርታ» ብላችሁ እለፉ። በየአንቀጹ ሲደጋገም አንባቢውን አጽናኝ ያደርገዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ «4 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» በሉ። በተለይ ከውጭ ሰዎች ጋር በሚሠራ መሥሪያ ቤት አንዱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ያስባል፣ ሌላው የፈረንጁን 4 ሰዓት ብሎ 10 ሰዓት ላይ ይጠብቃችኋል። ኢሜይላችሁ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ሐምሌ 24ን በፈረንጅ ቀን ለውጣችሁ ከነዕለቱ ጻፉት፤ በዚያ ዓመት ጁላይ 31፣ ረቡዕ ነበር። ዕለቱ ካለ ቁጥሩን ብትሳሳቱ እንኳ አንባቢው ይነቃል።

መልሳቸው ማታ 3 ሰዓት ገደማ መጣ። «እሺ፣ ረቡዕ 4። ሦስቱን ዓርብ ላኪ። የ180ውን የወጪ ደረሰኝ ፎቶ አሁን ላኪልኝ።» እሳቸው አንቺ ነው የሚሉኝ፤ እኔ እርስዎ ላይ ቀረሁ። አለቃ አንቺ ስላለሽ አንተ አትያቸው። መልሳቸው አጭር ነው ብለሽም አትከፊ፤ የተቆጣ ሰው መልስ አይመስልም።

በዚያ ኢሜይል ውስጥ በጣም የጠቀመኝ ቃል ግን በጊዜው ብዙም ያላሰብኩበት ነው፤ «እገምታለሁ»። ሰኞ ደረሰኙ ሲመጣ የገባው 176 ጋሎን ነው። አራቱ መንገድ ላይ ፈስሰው በደረሰኙ ግርጌ «የተበላሸ» ተብለው ተጽፈዋል። ግምቴ ትክክል ነበር፣ ግን ሙሉ አልነበረም። «መንገድ ላይ ስለነበር ነው» ብዬ ቁርጥ አድርጌ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ረቡዕ ሌላ ማብራሪያ ይዤ መቅረብ ነበረብኝ። ቀን ስንጠይቅ ያልተጣራውን ነገር የተጣራ አስመስሎ መጻፍ ያምረናል፤ በራስ መተማመን ይመስለናል። የምታውቁትን «ነው»፣ የምትገምቱትን «እገምታለሁ» በሉት።

አሁን ከዚህኛው ወንበር ሳየው ብዙውን ጊዜ ድምፁን የሚያበላሸው ሰዓቱ ነው። ዓርብ 10 ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ዓርብ 9 ሰዓት ተኩል ላይ «እንዲራዘምልኝ በትህትና» ተብሎ ሲመጣ፣ ትህትናው የቱንም ያህል ቢያምር ጥያቄ አይደለም፤ መርዶ ነው። እኔ የምመርጠው ነገር አልቀረልኝም። ያው ኢሜይል፣ ያው ቃል ማክሰኞ ቢመጣ ደስ ብሎኝ አነበዋለሁ። ስለዚህ አለመድረሱን ባወቃችሁበት ቀን ጻፉ። ሙሉ ምክንያቱ እስኪጣራ አትጠብቁ።

ግልባጭ ላይም አንድ ነገር። የቅርብ አለቃን ማካተት ማሳወቅ ነው። የዘገየባችሁን ክፍል ኃላፊ፣ የሱን አለቃ፣ የሰው ኃይል ክፍልን ጨምሮ ሰባት ሰው ከደረደራችሁ ግን ኢሜይሉ ውስጥ ምንም ክፉ ቃል ባይኖርም የክስ ፋይል ከፍታችኋል። እንዲህ ያለው ሲደርሰኝ ጽሑፉን ከማንበቤ በፊት የስሞቹን ዝርዝር ነው የማየው።

መልስ ካልመጣስ? ዝምታን እሺ አድርጋችሁ አትውሰዱ። በማግሥቱ ከሰዓት በፊት ደውሉ፤ ካልተነሣ በቴሌግራም አንድ መስመር ይበቃል፦ «ስለ ድሬዳዋ ቆጠራ ትናንት ኢሜይል ልኬልዎ ነበር፤ ውሳኔዎን እየጠበቅኩ ነው።» ሙሉውን ምክንያት እዚያ አትድገሙት። እስኪመልሱ ድረስ ግን የምትሠሩት የዱሮው ቀን እንዳልተቀየረ አድርጋችሁ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ማራዘም ካስፈለገ ደግሞ መጀመሪያ በስልክ ተነጋገሩ፣ ከዚያ የተስማማችሁበትን በኢሜይል አስፍሩ። ሁለተኛ ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ሲመጣ ሽሽት ይመስላል።

«አይቻልም» የሚል መልስም አለ፣ አንድ ጊዜ ደርሶኛል። ያን ጊዜ የሚያምረን ምክንያቱን አስረዝሞ ደግሞ መጻፍ ነው። አትጻፉት። በመጀመሪያው ኢሜይል ያቀረባችሁት ሁለተኛ አማራጭ የሚያገለግለው እዚህ ጋ ነው። «እሺ፣ ገብቶኛል። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ያልተጣራውን ከነማስታወሻው አቀርባለሁ» ትሉና ወደ ሥራው ትመለሳላችሁ።